ለታናሽ ምርቃት፣ ለታላቅ ደስታ፦ የብቃት ምዘና ፈተና ላለፈ ባልደረባ ምን እንበል?

(ለሆስፒታል የክፍል ኃላፊዎችና የነርስ አስተባባሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሦስትና አራት መስመር መልእክት ነው። የጤና ባለሙያዎች የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ውጤት በወጣ ቀን እናንተ በክፍላችሁ የቴሌግራም ቡድን ላይ ስለምትጽፉት፣ ከዚያም ባለ ውጤቱን በኮሪደር ስታገኙት ስለምትናገሩት። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ውጤት በወጣ ሰሞን ከሚደርሱኝ ቅሬታዎች መካከል «ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም» የሚለው ጥቂት ነው። የሚበዛው «እንዲህ ብሎ ነው እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ» የሚለው ነው።

መጀመሪያ ደስ የምንሰኝበትን ነገር በትክክል እንወቀው። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ሌላ ነው፤ እሱ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ ነው። የእኛው ፈተና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ ያለው፣ ተመራቂው በሙያው ተመዝግቦ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያበቃው ነው። የሚያበቃው ነው አልኩ እንጂ ፈቃዱ ራሱ ነው አላልኩም። ፈተናውን ያለፈ ሰው ገና ማስረጃውን ይዞ ለምዝገባ መሄድ አለበት። ስለዚህ ውጤት በወጣበት ምሽት «የሙያ ፈቃድዎን ስላገኙ እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ጽሑፉን ያየ የሰው ኃይል ሠራተኛ በማግስቱ ያለፈችዋን ነርስ «ፈቃድሽን አምጪ» ሲላት የምትቸገረው እሷ ናት። «ፈተናውን ስላለፉ» በቂ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው። ደስታን በአማርኛ ለመግለጽ አፍ ስንከፍት መጀመሪያ የምንቆምበትን ቦታ መምረጥ ግድ ይሆንብናል። እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ገለልተኛ የሆነ፣ ለማንም የሚሆን መውጫ የለም። («ደስ አለህ» ነው ወይስ «ደስ ያለህ» ነው በሚል የሚከራከሩ አሉ። ሁለቱም ይነገራል፣ ሁለቱም ይጻፋል፤ ጊዜያችሁን አታባክኑበት።) አብዛኞቻችሁ ይህን ምርጫ በትክክል ታደርጋላችሁ። ለታላቅ «አለዎት»፣ ለታናሽ «አለህ» ማለትን ማንም አያስተምራችሁም። የምትሳሳቱት ከዚያ በኋላ ባለው ዓረፍተ ነገር ነው። ምክንያቱም በአማርኛ ግሱ ብቻ ሳይሆን የምንመኘውም ነገር ታላቅና ታናሽ አለው።

ምን ማለቴ ነው? አንዳንድ ቃላት ቁልቁል ብቻ ይወርዳሉ። «እደግ»፣ «እደጊ»፣ «ተባረኪ»፣ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» የታላቅ ቃላት ናቸው። ማንም ወጣት ለአርባ ስምንት ዓመት ሴት «ይደጉ» አይልም፤ ቢል ሳቅ ነው የሚሆነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የማናስተውለው ግን «ጎበዝ»፣ «በርቱ»፣ «ኮራንብዎት» የሚሉትም ከዚሁ ወገን መሆናቸውን ነው። «ጎበዝ» የሚለው የፈተነ ሰው ነው፤ አስተማሪ ለተማሪ፣ አባት ለልጅ። «ጎበዝ ነዎት» ስትሉ ግሱን አክብራችሁ ሐሳቡን ዝቅ አደረጋችሁት። ሃያ ዓመት ያገለገለች ነርስ ይህን ስትሰማ «ድሮስ ምን ነበርኩ?» ማለቷ አይቀርም፤ በአፏ ባትለው በሆዷ ትለዋለች። «በርቱ» ደግሞ ሥራው አልተጠናቀቀም፣ ገና ይቀርዎታል የሚል ድምፅ አለው። ለሃያ ሦስት ዓመት ልጅ መልካም ስንቅ ነው። ለታላቅ ግን የቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ወደ ላይ የሚወጣው ምንድን ነው? የራስን ደስታ መናገር፦ «እጅግ ደስ ብሎኛል»፣ «ደስታችን ነው»። ልፋትን መመስከር፦ «የልፋትዎን ዋጋ አገኙ»። እዚህ ላይ ልዩነቱን አስተውሉ፤ መመስከር ውጤት መስጠት አይደለም። ያየሁትን ነው የምናገረው። ሦስተኛው ደግሞ ምርቃት ነው። ታናሽ ታላቅን አይመርቅም ሲባል እሰማለሁ፤ ይመርቃል፣ ግን ምርቃቱን ለራሱ አድርጎ ነው። «ጤና ይስጥልን»፣ «ብርታትዎን ለእኛም ያድለን» ሲል የመጨረሻዋ «ልን» እና «ን» ምኞቱን ወደ ተናጋሪው ታዞራለች፤ መራቂው ራሱ ተጠቃሚ ሆኖ ይቀርባል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ «ያቆይልን» እና «ዕድሜ ይስጥልን» ለአዛውንት ነው። የአርባ ሁለት ዓመት ባለሙያን «ያቆይልን» ያላት አንድ ልጅ ምን ያህል ቀናት እንደተኮረፈ እኔ አልቆጠርኩም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እነዚህ የአማርኛ ምርቃቶች አድራጊያቸውን ሳይጠሩ ይነገራሉ። «ያድርግልሽ»፣ «ይስጥልን» ስንል ማን እንደሆነ አልተናገርንም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ይሞላበታል። ለቡድን በሚጻፍ መልእክት ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ፊት ለፊት ለአንድ ሰው ሲሆን ግን የእሱን እምነት የምታውቁ ከሆነ በእሱ አጠራር ብትሉት ይበልጥ ይሞቃል።

አሁን አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ እንይ። ለማስረዳት ብዬ ያቀናበርኩት ነው፤ ነገር ግን ከእናንተ ውስጥ «የእኔ ክፍል ነው» የሚል ቢኖር አይገርመኝም። የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ኃላፊው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከክፍሉ ሦስት ሰዎች ፈተናውን አልፈዋል። አንደኛዋ በዲፕሎማ ሃያ ዓመት ያህል ሠርተው፣ እየሠሩ ተምረው ዲግሪያቸውን የያዙ ነርስ ናቸው፤ ሲስተር እገሊት እንበላቸው። ኃላፊው ተማሪ ሆኖ ለልምምድ ሲመጣ ደም ሥር ማግኘት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ በቅርቡ የተመረቀች ወጣት ነርስ ናት። ሦስተኛው ወጣት ሐኪም ነው። ኃላፊው ደስ ብሎት ስልኩን አወጣና እንዲህ ጻፈ፦

«በመጨረሻም ሲስተር እገሊት አልፈዋል! 68 አምጥተዋል፣ ጎበዝ ነዎት፣ በርቱልን! ግብዣው መቼ ነው? ሌሎቻችሁም እንኳን ደስ አላችሁ።»

ልቡ ንጹሕ ነው። መልእክቱ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይጎዳል።

«በመጨረሻም» ስንት ጊዜ ወድቀው ነው? ያሰኛል። ምናልባት በመጀመሪያው ሙከራቸው ነው ያለፉት፤ አንባቢው ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨምርባቸዋል። በእርግጥ ደጋግመው ተፈትነው ከሆነ ደግሞ ቃሉ የባሰ ነው፤ የማይወራውን አወራ። «ገና»፣ «አሁንስ»፣ «ተመስገን አለፉ» የሚሉትም የዚያው ዘመዶች ናቸው።

«ሲስተር እገሊት አልፈዋል» የሚለውን ደግሞ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ የተኛ ሰው ነቅቶ ሲያነበው አስቡት። በሆስፒታል ውስጥ ስለ ታላቅ ሰው «አልፈዋል» ብቻውን ሲጻፍ መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና አይደለም። ለወጣት «አልፋለች» ሲባል ማንም አይደነግጥም፤ በአክብሮት ግስ ሲሆን ግን ልብ ቀጥ ይላል። «ፈተናውን» የምትለውን ቃል አትዝለሏት።

ውጤቱን መጻፍ ምንም አያስፈልግም። 68 ለእሳቸው የደስታ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ 81 ያመጣችው ወጣት በዚያው ቡድን ውስጥ ስትሆን ግን ወዲያው መለኪያ ይሆናል። ፈተናውን ካለፉ ማለፍ ነው፤ ፈቃዱ ላይ ነጥብ አይጻፍም። ቁጥሩን መናገር ከተፈለገ የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

«ግብዣው መቼ ነው?» የእኩያ ቀልድ ነው፤ ከእኩያ ጋር ሲሆን ደስ ይላል፣ ኬክም ይቆረጣል፣ ቡናም ይፈላል። ታናሽ ታላቁን ሲጠይቅ ግን ድፍረት ይሆናል። ወደ ታች ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለው። አዲሷ ነርስ ደመወዝ እንኳ በወጉ አልቆጠረች ይሆናል፤ ኃላፊዋ በቡድን ፊት «ጋብዢን» ሲላት ቀልድ መሆኑን እያወቀች ገንዘብ ትበደራለች። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ኃላፊዎች ብናዘጋጀው ይሻላል።

በመጨረሻ «ሌሎቻችሁም»። ሁለት ሰዎች የድካማቸው ፍሬ በአንድ ቃል ተጠቀለለ።

እኔ ብሆን ኃላፊውን የምመክረው ሦስት መልእክት እንዲጽፍና ከዚያ በፊት ደግሞ አንድም እንዳይጽፍ ነው። በመጀመሪያ ሲስተር እገሊትን ሄዶ ያግኛቸው። ቆመው ከሆነ ቆሞ፣ ተቀምጠው ከሆነ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይጨብጣቸው። ቃሉ አጭር ይሁን፦ «ሲስተር፣ ፈተናውን ማለፍዎን ሰማሁ፣ እጅግ ደስ ብሎኛል። እንኳን ደስ አለዎት።» ከዚያ ዝም ይበል። ይህ ዝምታ ወሳኝ ነው። ታላቅ ሰው እንኳን ደስ አለዎት ሲባል በተራው የሚመርቅበት ቦታ ይፈልጋል፦ «አሜን፣ አንተንም ያሳድግህ።» ወጣቶች ይህን ቦታ በወሬ ይሞሉትና ምርቃቱ ሳይደርሳቸው ይቀራል።

ከዚያ ፈቃዳቸውን ጠይቆ በቡድኑ ላይ ይጻፍ፦

«ለክፍላችን ባልደረቦች በሙሉ፦ ሲስተር እገሊት የሙያ ብቃት ምዘና ፈተናውን በማለፋቸው የተሰማንን ደስታ እንገልጻለን። ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ክፍል ሲሄዱ ያየን ብዙዎች ነን። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን መርፌ የያዝነው እሳቸው አጠገባችን ቆመው ነው። ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለዎት። ብርታትዎን ለእኛም ያድለን።»

እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ያለፈውን አገልግሎታቸውን ፈተናው አልሰጣቸውም፤ ፈተናው የመጣው በአገልግሎቱ ላይ ነው። ለታላቅ ሰው የሚያምመው ዋናው ነገር «አሁን ገና ሙሉ ነርስ ሆኑ» የሚል መንፈስ ነው። ስለዚህ ከፈተናው በፊት የነበረውን የሚያስታውስ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። የመርፌው ነገር እዚያ የገባው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ መልእክቱ በ«እሳቸው» ጀምሮ በመጨረሻ ወደ «እርስዎ» ዞረ። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ ለሕዝብ ይነገራል፣ ከዚያ ወደ ባለ ውጤቷ ዞር ይባላል። የማይሆነው «እሳቸው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «አለፈች» ማለት ነው። ስልክ ላይ ስትጽፉ ይህ ስሕተት ይበዛል፤ ከመላካችሁ በፊት ግሶቹን ብቻ ለይታችሁ አንብቡ።

ለወጣቷ ነርስ የሚጻፈው መንገዱ የተለየ ነው። እሷ የምትፈራው ተቃራኒውን ነው፤ ፈተና አልፌያለሁ፣ ሥራውን ግን እችለው ይሆን? የሚለውን። ስለዚህ ለእሷ ምስክርነት ሳይሆን ፍርድ ያስፈልጋታል፤ እዚህ ላይ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ቦታውን ያገኛል። ነገር ግን ባዶውን አይደለም፦

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ጎበዝ። ባለፈው ታካሚዋ ላብ ሲያጠምቃት ስኳሯ ወርዶ እንደሆነ ብለሽ ለመለካት የሮጥሽው አንቺ ነሽ። ያኔ ነው ያወቅሁት። ለምዝገባው የሚያስፈልግሽን የሥራ ማስረጃ ነገ ከእኔ ውሰጂ። እደጊ።»

ይህ መልእክት ሦስት ነገር ሰጣት፦ ያየላት ሰው እንዳለ፣ ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ፣ ምርቃት። ስለ ምዝገባው ማንሳት ለታላቅ ቢሆን ኖሮ «አታውቂም» ማለት ይሆን ነበር፤ ለታናሽ ግን ከምኞት ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው። ኃላፊው ሠላሳ አንድ፣ እሷ ሃያ ሦስት ስለሆኑ «እደጊ» ትንሽ ያረጀዋል የሚል ካለ «ከዚህም በላይ ያድርስሽ» ይበል። «ልጄ» ግን አይበላት፤ ታካሚ ፊት ደግሞ ፈጽሞ። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆናለች፣ እኛም አፋችንን ማስለመድ አለብን።

ሐኪሙ ዘንድ ስንመጣ ዕድሜና ኃላፊነት ይሻገራሉ። በሥራ ትእዛዝ የሚጽፈው እሱ ነው፤ በዕድሜ ግን የሲስተር እገሊት ልጅ ይሆናል። ይህን የእኛ ሰዎች መጽሐፍ ሳያነቡ ፈትተውታል። ሲስተር እገሊት እንዲህ ነው የሚሉት፦ «ዶክተርዬ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ እደግልኝ!» መጠሪያው ማዕረጉን ይሰጠዋል፣ ግሱ ዕድሜውን ይነግረዋል፣ «ልኝ» ደግሞ የእኔ ነህ ትላለች። ሦስቱም በአንድ እስትንፋስ። ይኸው ሰው አልጋ አጠገብ፣ ታካሚና ቤተሰብ ባለበት ግን «ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለዎት» መባል ይችላል። በሻይ ክፍል አንተ፣ በታካሚ ፊት እርስዎ መባባል ማስመሰል አይደለም፤ ታካሚው በሐኪሙ ላይ ያለውን እምነት መጠበቅ ነው።

ይህ መንገድ በተቃራኒውም ይሠራል። ወጣቱ ኃላፊ ለሲስተር እገሊት ሲጽፍ አጠራሩና ግሱ ዕድሜን ተከተሉ፣ የሥራ ኃላፊነቱ ደግሞ በክፍሉ ስም መናገሩ ላይ ብቻ ታየ። «እንደ ኃላፊዎ ኮርቻለሁ» ቢል ኖሮ ሁሉም ይበላሽ ነበር።

ከእኩያ ጋር ብዙ መምከር አያስፈልግም። ትናንት በጠራችሁት ስም ጥሩት። በፈተናው ምክንያት ድንገት ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» የሚሸጋገር ጓደኛ ወይ ያሾፋል ወይ ይርቃል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በአንዳንድ አካባቢ «አንቱ» የሚለው ከ«እርስዎ» ይልቅ የቤት ቃል ነው፤ በዚያ ተናገሩ፣ ሲጻፍ «እርስዎ» ይቀላል።

ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት አንድ የቀረ ነገር አለ። በዚያው ክፍል አራተኛ ሰው አለ፦ ተፈትኖ ያላለፈ። ዝርዝር ስትለጥፉ ስሙ የሌለበትን ሰው ሁሉም ይፈልገዋል፤ ስለዚህ «ያለፉ ባልደረቦቻችን ስም ዝርዝር» የሚል ነገር ከክፍላችሁ አይውጣ። ላላለፈው ሰው በቡድን ላይ ምንም አይጻፍም፣ «አይዞህ»ም ቢሆን። እሱ በግል ነው፣ ያውም እሱ ካነሳው። ታላቅ ሆኖ ካላለፈና ታናሾቹ ካለፉ ደግሞ ወጣቶቹን አስቀድማችሁ ጥሯቸውና «ፈተናው ቀላል ነበር» የሚለው ቃል በዚህ ሳምንት ከአፋችሁ እንዳይወጣ በሏቸው። ሲነገራቸው ይገባቸዋል፤ ካልተነገራቸው ግን በደስታቸው ብዛት ይሉታል። ለቀጣዩ ዙር ሲመዘገብ የተረኝነት ሰሌዳውን ማንም ሳይጠይቃችሁ አቅልሉለት።

እሺ፣ ከኋላ እጅ ያወጡት እህት፣ ይጠይቁ።